ነጭ ሁሉ ኳርትዝ አይደለም

የተከበራችሁ የመስክ ባልደረቦቼ፣ ነገ መዶሻ ይዛችሁ የምትወጡ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ስለ ማዕድናት በጠቅላላው እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። እኔን ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ደብተሮቻችሁን አየሁ። ነጭ ድንጋይ ሁሉ «ኳርትዝ» ተብሎ ተጽፏል። በምን አወቃችሁ ስል መልሱ «ነጭ ነዋ!» ነው። ካልሳይትም እኮ ነጭ ነው! ፌልድስፓርም ነጭ ነው! በቀለም ብቻ ስም መስጠት ይብቃን።

አምና የተከራከርንበትን ናሙና ታስታውሳላችሁ። በጥቁር ድንጋይ መሃል ያለፈ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ነጭ መስመር ነበር። አንዱ በቢላዋ ጫረው፤ ምልክት ወጣበት። «በቃ፣ ካልሳይት ነው» ተባለ። ሌላዋ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አደረገችበት፤ አረፋ ደፈቀ። ክርክሩ ያለቀ መሰለ። ምልክቱን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱት ግን ለቀቀ፤ ጥፍር ሲያሳልፉበትም ምንም ጎድጓዳ የለም። ለካ የተፋቀው የቢላዋው ብረት ነው። አረፋውን በማጉያ መነጽር ስናየው ደግሞ ከቀጫጭን ስንጥቆች ብቻ ነበር የሚወጣው። ስንጥቆቹን የሞላው ካልሳይት ነው፤ ዋናው ድንጋይ አሲዱን ከምንም አልቆጠረውም። ሰብረን አዲሱን ገጽ አየነው። እንደ ተሰበረ ወፍራም ጠርሙስ ጠመዝመዝ ብሎ ነው የተሰበረው፤ ለጥ ያለ ገጽ የለውም። ኳርትዝ ነበር።

በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7 ነው። የብረት ቢላዋ 5.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቢላዋ የሚለይላችሁ ካልሳይትን ብቻ ነው። «መስታወት ጫረልኝ፣ ኳርትዝ ነው» የምትሉ ስሙኝ፦ ፌልድስፓርም መስታወት ይጭራል!

ሁለቱን የሚለያቸው አሰባበራቸው ነው። አዲስ የተሰበረውን ፀሐይ ላይ ያዙና ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ፌልድስፓር ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ገጹ በሙሉ በአንዴ ብልጭ ይላል። ጠርዙን በመነጽር ስታዩት ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተሰንጥቋል፤ ሁለቱ የስንጠቃ አቅጣጫዎችም ወደ 90 ዲግሪ በተጠጋ ማዕዘን ይገናኛሉ። ኳርትዝ እንዲህ አይሰነጠቅም። ለስላሳ የክሪስታል ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ ሲሰበር ግን ያ ገጽ አይደገምም። ካልሳይት በሦስት አቅጣጫ ይሰነጠቃል፤ ስብርባሪው ያዘመመ ሳጥን ይመስላል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። አየርና ውሃ የበላው ፌልድስፓር ወደ ሸክላ አፈር ስለሚለወጥ በቢላዋ ይፋቃል። ሁልጊዜ አዲስ ስባሪ ላይ ሞክሩ።

ሞክራችሁ ያልለያችሁትን «ነጭ ማዕድን፣ ቢላዋ አልጫረውም፣ አሲድ አላረፋበትም» ብላችሁ ጻፉት። ይህን ለጻፈ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ፤ ሳይሞክር «ኳርትዝ» ብሎ ለጻፈ ግን፣ ግምቱ ቢሰምርለትም፣ ምንም!