የስክሪን ኪቦርድ ፓስወርዳችሁን ይደብቃል?

[ስክሪን ላይ፦ የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር፣ የኢሜይል መግቢያ ገጽ]

አንድ ፎርም ፕሪንት ለማድረግ ኢንተርኔት ቤት ገባችሁ እንበል። ፎርሙ ያለው ኢሜይላችሁ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩን ማን ሲጠቀምበት እንደዋለ ስለማታውቁ ትጠነቀቃላችሁ። የዊንዶውስ ቁልፍና R ተጭናችሁ `osk` ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ የስክሪን ኪቦርዱ ይመጣል፣ ከዚያ ፓስወርዱን በማውስ አንድ በአንድ ክሊክ እያደረጋችሁ ታስገባላችሁ። ኪቦርዱን ስላልነካችሁት ፓስወርዱን ማንም ያላገኘው ይመስላችኋል።

እኔም ለብዙ ሰው እንደዚህ አድርጉ ብዬ መክሬያለሁ። ምክሩን ዛሬ ማስተካከል እፈልጋለሁ።

ኪይሎገር የምትጽፉትን እየመዘገበ ለሌላ ሰው የሚያቀብል ነገር ነው። አንዱ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ትንሽ ፍላሽ የምታክል፣ በኪቦርዱ ገመድና በኮምፒውተሩ መሀል የምትሰካ። የስክሪን ኪቦርድ ይቺን ያመልጣታል፣ ምክንያቱም በገመዱ በኩል ምንም ፊደል አላለፈም። ጥቅሙ ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጫነ ፕሮግራም ነው፣ ጉዳዩ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። በዊንዶውሱ የስክሪን ኪቦርድ ላይ S ን ክሊክ ስታደርጉ፣ ለዊንዶውስ «S ተጫነ» የሚል መልእክት ይሄዳል። የእውነተኛው ኪቦርድ መልእክትም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ከጣት መጣ ከማውስ ለእሱ ለውጥ የለውም፣ S ያው S ነው።

[ስክሪን ላይ፦ በባንክ ገጽ ላይ ፊደሎቹ የተዘበራረቁ ኪቦርድ]

አንዳንድ ባንኮች ገጻቸው ላይ የራሳቸውን ኪቦርድ ያስቀምጣሉ፣ ያኛውስ? እሱ ትንሽ ይሻላል። ፊደሉን በቀጥታ ገጹ ውስጥ ስለሚያስገባ በዚያ መንገድ አያልፍም። ግን ሌቦቹ መላ ካገኙለት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀው ዜውስ የሚባል የባንክ ቫይረስ ማውስ ክሊክ ባደረገ ቁጥር አካባቢውን ፎቶ ማንሳት ይችል ነበር። ፓስወርዳችሁ `selam27` ቢሆን 7 ክሊክ፣ 7 ፎቶ። በተነሱበት ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ፓስወርዱ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ፊደሎቹ ቢዘበራረቁም ያው ነው፣ ፎቶው ላይ የተነካው ፊደል ይታያላ! ፎቶ እንኳ ባያነሳ፣ የሞላችሁትን ብራውዘሩ ከመቆለፉ በፊት ከውስጥ መውሰድ ይችላል፣ ስለዚህ አድራሻው አጠገብ ያለችው የቁልፍ ምልክትም አትመክተውም። የብራውዘሩ የግል መስኮትም እንደዚሁ፤ እሱ ታሪክ አያስቀምጥም እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፕሮግራም አያስወግድም።

ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አይታችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ፕሮግራሙን ግን ተቀምጣችሁ በ5 ደቂቃ የምታዩበት አስተማማኝ መንገድ የለም። ስለዚህ የሚሻለው ፓስወርዱ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ እንዳይገባ ማድረግ ነው።

ወደ ፎርማችን እንመለስ። ኢሜይላችሁን በራሳችሁ ስልክና ዳታ ክፈቱ። ፎርሙን ብቻ ለቤቱ ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ላኩ። ፕሪንት ሲያልቅ «እባክህ ፋይሉን አጥፋልኝ» በሉ፣ እስኪያጠፋም ቁሙ፣ በተለይ የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ፎቶ ከሆነ። የባንክ ሥራ ከሆነ ግን በሰው ኮምፒውተር አትሞክሩት፣ ስልካችሁ ላይ ጨርሱት።

ቴሌግራምን ኮምፒውተሩ ላይ መክፈት ግድ ከሆነባችሁ በQR ግቡ። ስልካችሁ ላይ `Settings`፣ `Devices`፣ ከዚያ `Link Desktop Device` ብላችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ስካን ማድረግ ነው፤ ቴሌግራማችሁ ላይ ተጨማሪ ፓስወርድ ካላበራችሁ በስተቀር የሚጻፍ ነገር የለም። ስትጨርሱ እዚያው `Devices` ውስጥ ገብታችሁ ያንን ኮምፒውተር አስወጡት፣ መስኮቱን መዝጋት ብቻ አይበቃም። ክፍት ሆኖ ሳለ ያነበባችሁትን ግን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ካለ አብሯችሁ ያነበዋል።

ለኢሜይላችሁ ሁለተኛ ማረጋገጫም አብሩ። በአፕ የሚመጣው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ሰከንድ ይቀየራል፣ ሌባው ማታ ላይ የተመዘገበውን ሲከፍት አሮጌው ኮድ አይሠራለትም። ሳትወጡ ትታችሁት ከሄዳችሁ ግን ኮዱም አያስፈልገውም፣ በሩ ክፍት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ስልክ፣ የጉግል አካውንት የደህንነት ገጽ]

ትናንት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ያስገባ ካለ፣ አሁኑኑ ከራሱ ስልክ ይቀይረው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከቀየራችሁት አዲሱም ይመዘገባል። ጉግል ላይ ከሆነ `Your devices` ውስጥ የማታውቁትን አስወጡ። የመጠባበቂያ ስልክና ኢሜይላችሁን እዩ፣ ጂሜይል ውስጥም ደብዳቤዎቻችሁ ወደማታውቁት አድራሻ እየተላለፉ እንዳልሆነ አረጋግጡ፤ ሌባው እዚያ ጋ አድራሻውን ካስገባ ፓስወርድ ብትቀይሩም ኢሜይላችሁ ይደርሰዋል። ያንኑ ፓስወርድ ፌስቡክ ላይም የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ እዚያም ቀይሩት።