መከፈል፦ ደመወዝም፣ ለሁለትም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ነው የማወራው፤ ግን ጊሎቲኑን ወደ ጎን ትቼ ካህናት ስለተጠየቁት አንድ መሐላ። ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከባዶ ካዝና ነው። በ1789 መንግሥት ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። የሕዝብ ተወካዮች የተቀመጡበት ብሔራዊ ጉባኤ በኦገስት አስራት እንዲቀር ወሰነ። በኦክቶበር ደግሞ ታሌራን የቤተ ክርስቲያን ንብረት ለዕዳው ይዋል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሰውየው ራሱ የኦተን ጳጳስ ነው እንግዲህ! ኖቬምበር 2 ቀን 568 ለ346 በሆነ ድምፅ ጸደቀ። የውሳኔው ቃል ጥንቃቄ የበዛበት ነበር፦ ንብረቱ «የሀገር ነው» አላለም፤ «ሀገር እንደምታዝበት ይሁን» አለ እንጂ። በምትኩ መንግሥት የአምልኮውን ወጪ፣ የካህናቱን መተዳደሪያና የድሆችን እርዳታ ተሸከመ። የደብር ቄስ ከቤትና ከአትክልት ቦታው ሌላ በዓመት በዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ ከ1,200 ሊቭር እንዳያንስ ተባለ። እስከዚያ ድረስ በ700 ሊቭር ይኖር ለነበረ የገጠር ቄስ ይህ የሚጠላ ነገር አልነበረም። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል፤ መጀመሪያ ላይ ከታችኞቹ ካህናት ብዙዎቹ ከአብዮቱ ጋር ነበሩ።

መሬቱ በአንድ ቀን አይሸጥምና መንግሥት በመሬቱ ዋስትና አሲኛ የተባለ ወረቀት አወጣ፤ መጀመሪያ የ400 ሚሊዮን ሊቭር። ወረቀቱ የተጀመረው ወለድ እንደሚከፍል ቦንድ ነው፤ በ1790 ገንዘብ ሆነ። መሬቱ በጨረታ ሲወጣ የእርሻ ገዢ 12 በመቶ ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በ12 ዓመት መጨረስ ይችላል። ከተሜውና አቅም ያለው ገበሬ በዚህ መንገድ ገዛ። የገዛ ሰው ደግሞ አብዮቱ እንዲወድቅ አይፈልግም።

እኔ እንደሚመስለኝ አገሩን የከፈለው የመሬቱ መወሰድ አልነበረም። ካህናቱ መሬቱን አጥተው ዝም ያሉ ብዙ ናቸው። መዘዙ የመጣው ከደመወዙ ነው፤ ከፋዩ መንግሥት ከሆነ ሥርዓቱንም ልደንግግ ማለቱ አይቀርም። ጁላይ 12 ቀን 1790 የካህናት ሲቪል ሕገ መንግሥት የተባለው ሕግ ወጣ። አህጉረ ስብከት ከመቶ ሠላሳ በላይ የነበሩት በአስተዳደር ክፍለ ሀገራቱ ልክ 83 ሆኑ። ጳጳስና ቄስ በሕዝብ መራጮች ድምፅ ይሾማሉ፤ ከመራጮቹ መካከል ፕሮቴስታንትም ሊኖር ይችላል። ተመራጩ ጳጳስ ለካቶሊኮች የበላይ ለሮም ፖፕ ደብዳቤ ይጽፋል እንጂ ሹመቱን ከዚያ አይጠይቅም። ጳጳሳቱ የአገር ሲኖዶስ ይጠራ ቢሉ ጉባኤው እምቢ አለ። ሮም ደግሞ ለስምንት ወር ያህል በይፋ መልስ ሳትሰጥ ቆየች።

በዚህ ዝምታ መካከል ኖቬምበር 27 ቀን መሐላው ታዘዘ። አፈጻጸሙ እንዲህ ነው፦ ቄሱ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ያሳውቃል። ከዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምክር ቤቱና ምእመኑ ባሉበት፣ መንጋውን በትጋት ሊጠብቅ፣ ለሀገር፣ ለሕግና ለንጉሥ ሊታመን፣ ሕገ መንግሥቱንም በሙሉ ኃይሉ ሊጠብቅ ይምላል። በቃሉ ውስጥ ሮምም ምርጫም አልተጠሩም፤ ግን የካህናቱ ሕግ «ሕገ መንግሥት» በሚለው ቃል ሥር ተጠቅልሎ ገብቷል። ያልማለ ሥራውን በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል።

ብዙ ቄሶች መውጫ ፈለጉ፦ «ከመንፈሳዊ ጉዳይ በቀር» ብለው ማሉ። ቄሳቸውን የሚወዱ የመንደር ሹማምንት ይህን አይተው እንዳላዩ መዘገቡ። ጉባኤው ግን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይማል አለ፤ የመንደር ሹማምንቱ የተቀበሉት መሐላም በኋላ በበላዮች ሊሻር ቻለ። በመጨረሻ ከጳጳሳቱ የማሉት 7 ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ሀገረ ስብከት የነበራቸው 4። ከደብር ቄሶች ግማሽ ያህሉ ማሉ። በፓሪስ ዙሪያና በደቡብ ምሥራቅ መሐላው በረታ፤ በብሪታኒ፣ በቫንዴና በአልዛስ እምቢታው።

በ1791 ጸደይ ሮም ስትናገር ሕጉን አወገዘች፤ የማለ በ40 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ከክህነት ሥራው ይታገዳል አለች። አንዳንዱ ተመለሰ። ጭንቁ ግን የምእመኑ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በደብሩ ቄስ እጅ ነው። ባልማለው ቄስ ቦታ የገባውን አዲስ ቄስ «ሰርጎ ገብ» ብሎ የሸሸ አባት ልጁን በስውር ቢያስጠምቅ፣ ልጁ በመዝገብ የለም። መዝገቡ ወደ ማዘጋጃ ቤት የተዛወረው በሴፕቴምበር 1792 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ያልማሉት በ15 ቀን ከአገር እንዲወጡ ታዝዞ ነበር። በማርች 1793 የወታደር ምልመላ ሲመጣ ቫንዴ ሸፈተ። የቂሙ ማገዶ ግን በመሐላው እሑድ ተከምሮ ነበር።

በ1801 ሥልጣኑን የያዘው ናፖሊዮን ቦናፓርትና ሮም ሲስማሙ የማሉትም ያልማሉትም ጳጳሳት ወንበራቸውን እንዲለቁ ተጠየቁ። ለካህናቱ ደመወዝ ተመለሰ። መሬቱ ግን ከገዢዎቹ እጅ አልወጣም፤ ሮም እነርሱን ላለመንካት በስምምነቱ ቃል ገብታለች።