የሰፈር ሩጫ መመሪያ እንዴት ይጻፋል? ምዝገባ፣ መስመር፣ ደህንነት

ሰላም ሰላም፣ የቻናላችን ቤተሰቦች! ዛሬ የሰፈር ሩጫ ልናዘጋጅ ነው። ልምምዱን ሳይሆን ወረቀቱን። ለሯጩ የሚሰጠውን መመሪያ። ምሳሌያችን የካ አባዶ ነው፤ 5 ኪሎ ሜትር፣ ሄዶ መመለስ፣ እሁድ ጠዋት።

እስቲ እንግዳ ቤት ስንጠራ አቅጣጫ እንዴት እንደምንናገር አስቡት። «ታክሲው መጨረሻ ላይ ውረድ። በፋርማሲው በኩል ኮብልስቶኑን ይዘህ ግባ። ሱቅ ታያለህ። ከሱቁ አለፍ ስትል ደውልልኝ።» ሁሌም መጨረሻው ደውልልኝ ነው! እንግዳው ይደውላል። «የቱ ጋ ነህ?» «ሱቁ ጋ።» «የቱ ሱቅ?» ከዚያ ልጅ ይላካል፣ እጁን ይዞ ያመጣዋል። ለአንድ እንግዳ በጣም ጥሩ ነው። ለአምስትም ያስኬዳል። 300 ሰው ሲሆንስ? ሁሉም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢደውልስ? የሚላክ ልጅ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የሩጫ መመሪያ «ስትደርሱ ደውሉ» የሚል መስመር ሊኖረው አይገባም። ሯጩ ሳይደውል የሚደርስበት ጽሑፍ ነው የምንፈልገው።

ምዝገባውን ቶሎ ልበለው፣ ፎርም መሙላት ለምዳችኋል። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የቲሸርት መጠን። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማ። ሰዓቱን «ጠዋት 1 ሰዓት፣ በፈረንጅ 7 ሰዓት» ብላችሁ በሁለቱም ጻፉት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ስልኩ ላይ የሚያየው ሌላ ቁጥር ነው። አንድ ነገር ግን ረጋ ብለን እንየው። የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ሲባል ብዙ ሰው የትዳር አጋሩን ይጽፋል፤ አጋሩ ደግሞ አብሮ እየሮጠ ነው፣ ስልኩ መኪና ውስጥ ተቆልፎበታል! ስለዚህ «በዕለቱ የማይሮጥ ሰው ስልክ» ብላችሁ ጠይቁ። ያንን ስልክ፣ ያለበትን ሕመምና የሚወስደውን መድኃኒት ሯጩ ራሱ ከደረት ቁጥሩ ጀርባ ይጻፈው።

ወደ መስመሩ። ሄዶ መመለስ የመረጥኩት መዞሪያው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፤ የሚዘጋው መንገድም ያንሳል። ችግሩ፣ ፈጣኑ ሲመለስ ከሚሄደው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። «በሁለቱም አቅጣጫ ቀኝህን ያዝ» የሚለው በትልቁ ይጻፍ። በየ500 ሜትሩ ቁጥር ያለው ምልክት ትከሉ። እስከ መዞሪያው 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ስለዚህ አምስት ምልክት ይበቃል፤ ሲመለሱም ያው ምልክት ያገለግላል። እያንዳንዱ ጋ አንድ አስተባባሪ ይቁም። ሰው ቢወድቅ «ሱቁ ጋ» አይባልም፤ «ምልክት 3» ይባላል። ከምልክቱ ጎን የብሎክ ቁጥሩንም ጻፉ፣ አምቡላንስ ሹፌሩ የሚያውቀው እሱን ነው።

ወረዳውና ትራፊክ ፖሊስ መስመሩን ሳያጸድቁ ወረቀቱን አትበትኑ። በኋላ ከተቀየረ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሰፈሩ ውስጥ ይዞራል። ከተቀየረም አዲሱ ላይ ቀን ይጻፍበት።

አሁን ደህንነት። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «ወድቆ ለሚንቀጠቀጥ ክብሪት ማሽተት ነው፣ እሱን ጻፉ» ብላችኋል። ውድ ቤተሰቦቼ፣ እባካችሁ አይጻፍ! ክብሪት የሚጥል በሽታን አያቆምም። አፉ ውስጥም ምንም አይገባም፣ በኃይልም አይያዝም። ጭንቅላቱ ስር ልብስ አድርጉ፣ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጠራ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ይኼ ነው፦ ልቡ በድንገት የቆመ ሰውም ለአፍታ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ክብሪት ፍለጋ ስንሮጥ ደቂቃዎቹ ያልቃሉ። ፊቱ ላይ ውሃ መድፋትም እንደዚያው ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ማጠጣት ደግሞ ሊያንቀው ይችላል።

ታዲያ አስተባባሪው እጅ ላይ ምን ይጻፍ? ይኼን ብቻ፦ «ጥራው፣ ትከሻውን ነቅንቀው። ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ 907 ደውል፣ የምልክት ቁጥርህንና ብሎኩን ተናገር። ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ በኃይል ተጫን፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እርዳታ እስኪደርስ አታቁም።» 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከሩጫው በፊት ደውላችሁ መኪናው በየትኛው በር እንደሚገባ ተነጋገሩ፤ ያ በር ላይ ጀነሬተር ወይም ድንኳን እንዳይቆምበት።

የመጨረሻው መስመር ስለ መጨረሻው ሰው ነው። ከሁሉም ኋላ አንድ አስተባባሪ እየተራመደ ይመጣል፤ እሱ ሳያልፍ ማንም ምልክቱን አይነቅልም። ማቋረጥ የፈለገ ሯጭ ዝም ብሎ ቤቱ አይግባ፣ የደረት ቁጥሩን ለቅርቡ አስተባባሪ ይንገር። አለበለዚያ ሰውዬው ቤቱ ቡና እየጠጣ እኛ ቦይ ለቦይ እንፈልገዋለን። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ በሚቀጥለው ውሃ የት የት እንደሚቀመጥ እናያለን።