«ቢያስ» ብላችሁ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡት

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ሬዚደንቶች፣

ለዓመቱ የጆርናል ክለባችን መዝጊያ ስለ ሂሳዊ ግምገማ በጠቅላላው እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ የምናገረው ስለ አንድ ጽሑፍ፣ ስለ ፊስት ጥናት ብቻ ነው።

ጥናቱን በክለባችን የገመገምንበትን ቀን ሙግት ታስታውሱታላችሁ። ጥናቱ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተሠራ ነው። ትኩሳት ኖሯቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ፣ ከዚያም ላይ ራሳቸውን የመሳት ወይም የመተንፈስ ችግር ያለባቸው 3141 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ቡድን አልቡሚን፣ ሌላው ኖርማል ሳላይን በቦለስ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ቦለስ ሳያገኝ መደበኛውን የጥገና ፈሳሽ ብቻ ወሰደ። በ48 ሰዓት ውስጥ ቦለስ ካገኙት ሁለት ቡድኖች 10.6 እና 10.5 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 7.3 በመቶ ሞቱ። ይህ ሲነበብ አዳራሹ ተናወጠ። ሁላችንም ሾክ ያለበትን ሕፃን ቦለስ እየሰጠን ያደግን ነን።

ከዚያ ማስታወሻው መጣ። ጸሐፊያችን ያሰፈረችውን ገልብጬ ይዤዋለሁ፦ «ዕውር ጥናት አይደለም፣ ቢያስ። ቬንቲሌተር የለም፣ ቢያስ። ከግማሽ በላይ ወባ አለባቸው፣ ቢያስ። ቀድሞ ተቋርጧል፣ ቢያስ።» ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ የተናገርነውን ነው የጻፈችው። ያልወደድነውን ውጤት በአንድ ቃል ገፍትረን ልናስወጣው ፈለግን። ይህን ነው ዛሬ የምቃወመው!

ቢያስ ብሎ ለመጻፍ አንድ ጥያቄ መመለስ ግዴታ ነው፦ ይህ ጉድለት ውጤቱን ወደ የት ይገፋዋል? አቅጣጫውን መናገር ካቃታችሁ፣ ማስታወሻው የሚገባው ሌላ ክፍል ነው።

ዕውር አለመሆኑን እንውሰድ። ምደባው የተደበቀው በተከታታይ ቁጥር በታሸገ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ፖስታ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሕፃኑ የትኛው ቡድን እንደሚገባ አስቀድሞ አያውቅም፤ ይህ በዲዛይን ክፍል እንደ ጥንካሬ ይጻፋል። ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ግን ያውቃል። ታዲያ ወደ የት ያጋድላል? የብዙ ሐኪሞች እምነት ቦለስ ያድናል የሚል ነበር፤ የሚጠብቁት ነገር ቢጫናቸው ኖሮ ውጤቱ ለቦለስ ባደላ ነበር። የወጣው ግን ተቃራኒው ነው። ደግሞም ሞት የአስተያየት ጉዳይ አይደለም። «ሳንባው ውኃ ሞልቷል» የሚለው ምርመራ ግን አስተያየት አለበት፤ ለዚህም ነው የሞት መንስኤን የትኛው ሕፃን ምን እንዳገኘ የማያውቅ ኮሚቴ የመረመረው። እንግዲህ ያው አንድ ጉድለት ለሞት መጠን ቀላል፣ ለሞት መንስኤ ግን ከባድ ነው። በማስታወሻችሁ ላይ «ዕውር አይደለም» የሚለው ከየትኛው ውጤት ጋር እንደሚሄድ ይጻፍ።

ቬንቲሌተር አለመኖሩ ለሁሉም ቡድን እኩል ነው፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ አይጎዳም። ስለዚህ ቢያስ ሳይሆን የተግባራዊነት ጥያቄ ነው። «ቬንቲሌተር ቢኖር ቦለስ ያገኙት ይተርፉ ነበር» የሚለው መከራከሪያም በኋላ በ2013 በወጣው የዚሁ ጥናት ትንተና ተዳክሟል። ብልጫ ያሳየው ሞት ከሳንባ ውኃ መሙላት ይልቅ በአብዛኛው ከልብና ከደም ዝውውር መውደቅ ጋር የተያያዘ ነበር።

ወባውም ከዚህ አይለይም። ወባ ያለባቸው በሦስቱም ቡድን ይገኛሉ፣ ጉዳቱም ወባ ባለባቸውና በሌለባቸው ተመሳሳይ አዝማሚያ አሳይቷል።

ቀድሞ መቋረጡ ግን እውነተኛ የቢያስ ማስታወሻ ነው፤ አቅጣጫውንም መናገር ይቻላል። ልዩነቱ ሲጎላ የሚቆም ጥናት መጠኑን ማጋነን ይችላል። ነገር ግን የታቀደው 3600 ሆኖ 3141 ሕፃናት ከገቡ በኋላ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ማጋነኑ ትልቅ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ተመዝኖ ይጻፍ፣ ባዶውን አይተው!

ውጤቱን በጠቅላላ አንጻራዊ ቁጥር ብቻ አትተዉት። 1.45 ጊዜ፣ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ1.13 እስከ 1.86፣ የሚለው ትክክል ነው። ነገር ግን ተቀንሶ ሲታይ ከመቶ ሦስት ያህል ተጨማሪ ሞት ነው፤ ማለትም ቦለስ ከተሰጣቸው 30 ገደማ ሕፃናት አንድ ተጨማሪ ይሞታል። በዎርድ ውስጥ የምናስበው በዚህኛው ነው።

ተግባራዊነትን በአጭሩ። ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸውና በተቅማጥ ፈሳሽ ያጡ ሕፃናት ከጥናቱ ውጪ ነበሩ፤ የእነርሱን አያያዝ በዚህ ጽሑፍ አትቀይሩ። በጣም የወረደ የደም ግፊት የነበራቸውም እዚህ ንጽጽር ውስጥ አልገቡም፤ ሁሉም ቦለስ ተሰጥቷቸዋል። ለእነርሱ ጥናቱ መልስ የለውም።

የገለበጥኩትን ማስታወሻ ለአዲሶቹ ሬዚደንቶች እያስረከብኩ ነው። እያንዳንዱን መስመር እንደገና አንብቡት፣ ከጎኑ አቅጣጫውን ጻፉበት፤ አቅጣጫ የሌለውን ደግሞ ከቢያስ ክፍል አውጡት።