የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ኦፈሩን ልተወው ነው፣ ሪክሩተሯን ምን ልበላት?

ከአዲስ አበባ የደወለ አድማጭ፦ «የሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ። ሁለት የሥራ ኦፈር ደርሶኛል፤ አንዱን ልተው ነው። የዚያኛው ድርጅት ሪክሩተር ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ስትለፋልኝ ነበር። እንዳትቀየመኝ በኢሜይል ምን ብዬ ልጻፍላት?»

መጀመሪያ የምትሄድበትን ድርጅት ውል ፈርም። «ተቀብለንሃል» የሚል የስልክ ወሬ ይዘህ ሌላውን በር አትዝጋ። ከፈረምክ በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ አታሳድር። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ጋ ሁለተኛ እጩ አለ። ያንተ መልስ እስኪታወቅ «ትንሽ ታገሰን» ተብሎ ተቀምጧል። አንተ ስትዘገይ እሱም ሌላ ቦታ ይገባና ፍለጋዋን ከዜሮ ትጀምራለች። ሪክሩተር የሚቀየመው እምቢ ስላልከው ሳይሆን እምቢታህ ስለዘገየበት ነው።

በስልክ ትነጋገሩ ከነበረ አስቀድመህ ደውልላት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ኦፈሩ በመጣበት ኢሜይል ላይ «ሪፕላይ» አድርገህ ጻፍ። ኢሜይሉን የምታነበው እሷ ብቻ አይደለችም። ለቀጣሪው ማናጀር ፎርዋርድ ታደርገዋለች፤ ምክንያትህንም በእጩዎች መዝገብ ውስጥ በስምህ ታሰፍረዋለች። ስለዚህ ምንም ሳትጨምርበት ልታስተላልፈው የምትችለው ጽሑፍ ስጣት። ለምሳሌ እንዲህ፦

> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> ለባክኤንድ ኢንጂነርነት ስለላካችሁልኝ ኦፈር ከልብ አመሰግናለሁ። በደንብ አስቤበት ላለመቀበል ወስኛለሁ። ያገኘሁት ሌላ ሥራ ዳታ ኢንጂነሪንግ ላይ ስለሆነ፣ ልገባበት ለምፈልገው መስክ ይበልጥ ይቀርባል።
>
> የቴክኒክ ኢንተርቪው ቀኑ ሲጋጭብኝ ስላዘዋወሩልኝና የቡድኑን አሠራር አስቀድመው ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ስለ ክፍያ ሲስተሙ ከኢንጂነሮቹ ጋር ያደረግነው ውይይት ብዙ አስተምሮኛል፤ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።
>
> ወደፊት በዳታ በኩል ክፍት ቦታ ሲኖር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑን ልብ በል። እኛ ይሉኝታ ይይዘንና «ለጊዜው ትንሽ ይከብደኛል» ብለን እናለሳልሰዋለን። ሪክሩተር ይህን ሲያነብ የሚገባው «ጨምሩልኝ» ማለትህ ነው። እሷም ማናጀሩን ለምና፣ በጀት አስፈቅዳ ትመለሳለች። ያኔ አሁንም አልመጣም ስትላት አለቃዋ ፊት ታፍራለች። መቀያየም የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። «ደመወዙ አነሰኝ» ማለትም እንደዚያው ነው። ቢጨምሩልህ የምትሄድ ከሆነ ውል ሳትፈርም፣ ገና ስትደራደር ንገራት። የማትሄድ ከሆነ ደመወዝን አታንሳ።

ምክንያቱ አንድ መስመር ይሁን። ስለምትሄድበት እንጂ ስለ እነሱ ጉድለት አይሁን። ምስጋናው ላይ ግን አትሰስት፤ እሷ በእርግጥ ያደረገችልህን ነገር ጥቀስ። «ለትብብርዎ አመሰግናለሁ» ብቻ ብትል ለሁሉም የሚላክ ደብዳቤ ይመስላል።

ሌላ አድማጭ፦ «እምቢ ካልኩ በኋላ ሪክሩተሯ ‹የት ልትገባ ነው? ስንት ሰጡህ?› ብላ ጻፈችልኝ። የግድ መመለስ አለብኝ?»

ግዴታ የለብህም። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የእነሱ ደመወዝ ከገበያው ጋር መራመዱን ማወቅ ትፈልጋለች። «የድርጅቱን ስም ሥራ ስጀምር እነግርዎታለሁ» ማለት ይበቃል። ስለ ገንዘቡ መናገር ከፈለግህም በኢሜይል ሳይሆን በቃል ንገራት።

ከሜሪላንድ የደወለች አድማጭ፦ «እኔ ፈርሜያለሁ። ልጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ የተሻለ ሥራ መጣልኝ። ያገናኘኝ የቅጥር ኤጀንሲ ነው። አሁንም በኢሜይል ልተወው እችላለሁ?»

እዚህ ላይ ኢሜይሉ ሁለተኛ ነው እህቴ። ዛሬውኑ ደውይ። የኤጀንሲ ሪክሩተር በአብዛኛው ክፍያውን የሚያገኘው አንቺ ሥራ ስትጀምሪ ነው። ስለዚህ በእጁ የገባ የመሰለው ገንዘብ ነው የሚቀርበት። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ቃሉን ለደንበኛው ሰጥቷል። መጀመሪያ ካንቺ ይስማ፤ ከድርጅቱ ከሰማው አይረሳውም።

በአሜሪካ አብዛኛው ኦፈር ሁለቱም ወገን በፈለገ ጊዜ ሊያቋርጠው የሚችል ነው። ቢሆንም ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢ። የፊርማ ቦነስ ከተቀበልሽ መመለሱ ላይ ምን እንደሚል እዪ። ላፕቶፕ ልከውልሽ ከሆነ መቼ እንደምትመልሺ ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪ።

ኢሜይሉ ላይ «ፈርሜ ሳለ ሐሳቤን በመለወጤ ችግር ላይ እንደጣልኋችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» በይ። ረጅም ማብራሪያ አትጨምሪ። ለቦታው የሚሆን የምታውቂው ጥሩ ኢንጂነር ካለ ፈቃዱን ጠይቀሽ ስሙን ላኪለት። ባዶውን ቦታ መሙላት አሁን የእሱ ጭንቀት ነው፤ ከይቅርታው ይልቅ ይሄኛው ይጠቅመዋል።