«ጣ–ና!» ስታዲየም የሚሞላ ጭፈራ እንዴት ይሠራል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ጭፈራ እንሠራለን። ለማን? ለባሕር ዳር ከተማ፣ ለጣና ሞገዶቹ። የሌላ ክለብ ደጋፊ ከሆናችሁ ቪዲዮውን አትዝጉት፤ ስሙን ቀይራችሁ ትወስዱታላችሁ፣ አልከስም።

መጀመሪያ ሆያ ሆዬን አስቡ። ለቡሄ ልጆቹ በር ላይ ቆመዋል። አውጪው አንድ ነው። ስንኙን የሚያውቀው እሱ ነው። ሌሎቹ ምን ይላሉ? «ሆ!» በቃ። ዱላው መሬት ሲመታ «ሆ!»፣ ደግሞ ሲመታ «ሆ!»። ግጥሙን የማያውቀው ትንሹ ልጅ፣ ለሙልሙሉ ብቻ የመጣው፣ እኩል ይጮኻል። አውጪው ስንኝ ቢጠፋበት ከራሱ ፈጥሮ ይቀጥላል፤ ተቀባዮቹ ምንም አይሆኑም። ደግሞ «ሆ» አፍ ተከፍቶ የሚባል ነው። እስኪ «ስስስ» ብላችሁ ጩኹ። እንቢ አለ አይደል?

ስታዲየምም ያው ነው። አስጨፋሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ በአንድ ቃል ይቀበላል። «ባሕር ዳር ከተማ» ለመቀበያ ይረዝማል፤ «ሕር» እና «ዳር» ደግሞ «ር» ላይ ይዘጋሉ። «ጣና» ግን አጭር ነው፣ ሁለቱም ፊደል ክፍት ነው። ስለዚህ፦

አስጨፋሪ፦ ሞገዱ መጣ!
ሕዝብ፦ ጣ–ና!
ጭብጨባ፦ ጧ፣ ጧ፣ ጧጧጧ!

አያችሁ? አውጪው በ«ጣ» ይጨርሳል፣ ተቀባዩ በ«ጣ» ይነሳል። ዛሬ ገና ስታዲየም የገባ ሰው እንኳ አይጠፋበትም። ስካርፍ ላይ የሚጻፈው መፈክርም ይኸው ነው፦ «ሞገዱ መጣ»። ሌላ መፈክር አትፈልጉ።

የጭፈራውን ፍጥነት ቶሎ ልንገራችሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከከበሮው 170 ሜትር የራቀ ደጋፊ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል። ከበሮው በደቂቃ 120 ጊዜ ከተመታ ያ ሙሉ አንድ ምት ነው። ማዶ ያለው ሁሌ ወደኋላ ይቀራል፣ ጭፈራው ይደበላለቃል። ምቱን ቀስ አድርጉት። አለቀ። (ሰብስክራይብ!)

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጽፉልኝ ነገር። «ቤት ካልመታ ጭፈራ አይደለም» ትላላችሁ። ወገን፣ ቤት የሚመታውን ማን ሊሰማው? ማዶ ጥላ ፎቅ የተቀመጠው ሰው ጋ ተነባቢው አይደርስም፤ የሚደርሰው «ኣ–ኣ» ነው። ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ስትጫወቱ ደግሞ የእነሱ «ኡ–ኣ» ነው የሚሰማው። ልዩነቱ እዚያች ላይ ነው። ካላመናችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ማዶ ሂዱና ቅረጹት። አራት መስመር ቤት የሚመታ ግጥም ብትጽፉ ሁለተኛው መስመር ላይ ግማሹ ሕዝብ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ቤት መምታቱን ለአውጪው ተዉለት፣ እሱ ይጫወትበት።

አንድ ችግር አለው። 2 ለ 0 እየተሸነፋችሁ «ሞገዱ መጣ!» ካላችሁ የተቃራኒ ደጋፊ «ሄደ!» ብሎ ይቀበላችኋል። ሳቅ በሳቅ ነው የምትሆኑት። ያኔ አስጨፋሪው ማውጣቱን ያቁም፤ ጭብጨባውና «ጣ–ና!» ብቻ ይቀጥል። ለእሱ መልስ የለውም።