ካሪ ወጣ ማለት ኦቨርፍሎው አለ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «-75ን እና -60ን ወደ 8 ቢት ቱስ ኮምፕሊመንት ቀይራችሁ ደምሩ፣ ኦቨርፍሎው አለ ወይ የሚል ፈተና ላይ መጣ። ዳር ላይ ትርፍ 1 ስለወጣ አለ ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ግን ትርፍ 1 መውጣቱ ምንም አያሳይም ይለኛል። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ ኦቨርፍሎው አለ፣ እሱን አግኝተኸዋል። ምክንያቱ ላይ ግን ልክ ጓደኛህ ነው፣ በዚሁ ምክንያት ከቀጠልክ ሌላ ጥያቄ ላይ ነጥብ ታጣለህ።

ከቅየራው እንነሳ። 75 ማለት 64+8+2+1 ስለሆነ 1001011 ነው፣ ግን ይሄ 7 ቢት ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ እንዳለ ገልብጦ 1 ይደምርና 0110101 ያገኛል፣ ከዛ 8 እንዲሞላለት ከፊት 0 ይጨምርበታል። እሱ ደግሞ +53 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙላው፣ 01001011። ከዛ ቢቶቹን ገልብጥ፣ 10110100። ከዛ 1 ደምር፣ 10110101። ማረጋገጥ ከፈለግክ የግራውን ጫፍ ቢት -128 ብለህ ቁጠረው፦ -128+32+16+4+1 = -75። በዚሁ መንገድ -60 ደግሞ 11000100 ይሆናል።

```
   10110101   (-75)
+  11000100   (-60)
-----------
 1 01111001
```

ዳር ላይ የወጣውን 1 ተወው፣ በ8 ቢት ውስጥ ቦታ የለውም። አሁን የቀረውን እይ፦ በ0 ይጀምራል፣ +121 ነው። ሁለት ኔጌቲቭ ደምረን ፖዘቲቭ አገኘን! ኦቨርፍሎው ያስባለው ይሄ ነው። ትክክለኛው ድምር -135 ነው፣ 8 ቢት ደግሞ ከ-128 በታች አይወርድም።

አሁን -60ን ትተህ -75 ላይ 90ን ደምር።

```
   10110101   (-75)
+  01011010   (+90)
-----------
 1 00001111
```

እዚህም ትርፍ 1 ወጥቷል፣ መልሱ ግን 15 ነው፣ ምንም ችግር የለበትም። በአንተ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ኦቨርፍሎው አለ ብለህ ትጽፍ ነበር። ተቃራኒውም አለ፦ 70 እና 80 ሲደመሩ ዳር ላይ ምንም አይወጣም፣ ውጤቱ ግን 10010110 ነው፣ ማለትም -106፣ ኦቨርፍሎው ነው።

አንዳንድ መምህር ምክንያቱን በካሪ አስረዱ ይላል። እንደዛ ከመጣ ሁለት ካሪ አወዳድር፦ ወደ ሳይን ቢቱ የገባውንና ከሱ የወጣውን። ከተለያዩ ኦቨርፍሎው አለ፣ አንድ ከሆኑ የለም። በ-75 እና -60 የገባው 0፣ የወጣው 1 ነው። በ-75 እና 90 ግን ሁለቱም 1 ናቸው። በ70 እና 80 ደግሞ 1 ገብቶ 0 ወጣ።

የቁጥሮቹ ምልክት የተለያየ ከሆነ ግን ካሪ ቆጠራ ውስጥም አትግባ። አንዱ ኔጌቲቭ አንዱ ፖዘቲቭ ሆነው ሲደመሩ ኦቨርፍሎው ፈጽሞ አይመጣም፣ «ምልክታቸው ይለያያል» ብለህ ጻፍና ወደሚቀጥለው እለፍ።